የጎንደር የፎቶ ጉዟችን፣ ከዓርብ ጥቅምት 14 እስከ እሁድ ጥቅምት 16

ሰሊ፣ ዮኒ፣ ጋሽ መኮንን፣ ሰላም ናችሁ?

ቃል በገባሁት መሠረት ፕሮግራሙን ጨርሻለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡትና የሚቆረቁራችሁ ነገር ካለ እስከ ረቡዕ ንገሩኝ። ከዚያ በኋላ ከባለ ባጃጁ ጋር ዋጋ ተነጋግሬ እጨርሳለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሰዓት። በዚያ ሳምንት ፀሐይ ጎንደር ላይ የምትወጣው ንጋት 12፡21 አካባቢ ነው። የምትጠልቀው ደግሞ ማታ 12፡06 ላይ። ስልካችሁ 6:21 እና 6:06 ብሎ ያሳያችኋል። ዮኒ፣ ባለፈው ጉዞ አላርምህን በስንት ሰዓት ሞልተህ ስንት ሰዓት እንደተነሳህ እዚህ አልጽፈውም። ብቻ በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ስልኩ ላይ ስትሞሉ ስድስት ሰዓት ቀይሩ።

ሁለተኛው ነገር ይበልጣል። «ወርቃማው ሰዓት» የሚሉት ብርሃን እኛ አገር ሰዓት አይሞላም። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይዋ በአግድም አትንሸራተትም፣ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። ግማሽ ሰዓት ብትቆይልን ነው። ስለዚህ በአንድ ንጋት ሁለት ቦታ እንሯሯጥ የሚል ሐሳብ እንዳይመጣ። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠን ያልፍብናል። አንድ ብርሃን፣ አንድ ቦታ። ፕሮግራሙን በሙሉ የሠራሁት በዚህ ነው።

ዓርብ። አውሮፕላናችሁ ከሰዓት በኋላ አዘዞ ያርፋል። እኔ እዚያው እጠብቃችኋለሁ። ከተማ ለመግባት ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። የምናድረው ጎሃ ኮረብታ ላይ ነው። ፒያሳ ብናርፍ ይረክስልን ነበር፣ አውቃለሁ። ግን በጨለማ ባጃጅ ከመፈለግ ከአልጋ ወርዶ በረንዳው ላይ መቆም ይሻላል። ስሙም ጎህን የሚያስታውስ ነው፣ ሌላ የት እንደር?

ኮረብታው ከከተማው በስተሰሜን ስለሆነ ፊታችንን ወደ ደቡብ አዙረን ቁልቁል ነው የምናየው። ማታ ብርሃኑ ከቀኝ፣ ጠዋት ከግራ ይመታልናል። ሁለቱም የጎን ብርሃን ነው፣ ግንብና ጣሪያ የሚያጎላ። ዓርብ ከ11፡35 ጀምሮ እዚያ ላይ እንሁን። ለሙከራ ያህል ነው፣ ዋናው ጠዋት ነው። እራት የጾም ነው፣ ሽሮ ይኖራል። ቶሎ እንተኛ።

ቅዳሜ። ሌሊት 11፡15 መነሳት፣ 11፡45 ትራይፖድ ተተክሎ መጠበቅ። ሰማዩ ቀለም መያዝ የሚጀምረው ፀሐይዋ ከመውጣቷ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀድሞ ነው። እኔ ከፀሐይዋ ይልቅ ያቺን ሃያ ደቂቃ ነው የምወዳት። የቁርስ ጭስ ከየቤቱ መነሳት ሲጀምር ግንቦቹ ከመካከሉ ብቅ ይላሉ። ረጅም ሌንስ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ጃኬትም ያዙ፣ የጥቅምት ብርድ ቀልድ አያውቅም። 12፡50 ላይ ሁሉም ነገር ያበቃል፣ ወደ ቁርስ።

ፋሲል ግቢን በፀሐይ መውጫ ለምን አናነሳም ብላ ሰሊ ጠይቃኛለች። በሩ በዚያ ሰዓት ስለማይከፈት ነው። የምንችለው በሩ ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ መሆን ነው። 2፡10 ላይ በር ላይ እንቁም፣ ከጎሃ ሲወርዱ ሩቅ አይደለም። እንደገባን ማንም ሳይቆም የዐፄ ፋሲልን ግንብ እናንሳ። የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚቆመው እዚያ ነው፤ ቡድኖች ሲደርሱ አራቱ ክብ ማማዎች ሥር በሙሉ ሰልፊ ይሆናል። እኛ ያኔ ወደ ውስጥ እንዘልቃለን፣ ወደ ዐፄ ኢያሱ ግንብ፣ ወደ ዐፄ ዳዊት አዳራሽ፣ ወደ አንበሶቹ ቤት፣ መጨረሻ ላይ የእቴጌ ምንትዋብ። ሰው በአንድ ወገን ሲሄድ እኛ በሌላው። ጠዋት ጥላው ገና ረጅም ስለሆነ ድንጋዩ ይነበባል፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ግን ብርሃኑ አናት ላይ ይወጣና ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይሆናል። ያኔ እንውጣ። ትኬቱን አትጣሉት፣ ለፋሲል መዋኛም ያስፈልገናል።

ከዚያ ቅዳሜ ገበያ። ሰው ሳትጠይቁ እንዳታነሱ። ከ6 እስከ 8 ምሳ፣ ዕረፍት፣ ካርድ መገልበጥ። ጋሽ መኮንን፣ ጉልበትዎን እዚህ ጋ ያሳርፉ፣ ከሰዓት ዳገት አለ።

8፡30 ላይ ደብረ ብርሃን ሥላሴ። ለምን በዚህ አስቀያሚ ብርሃን? ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ነው። ውጭ ፀሐይዋ ስትበረታ በክፍት በር የሚገባው ብርሃን ከወለሉ ነጥሮ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ያበራቸዋል። ከመቶ በላይ ፊቶች ናቸው፣ ሁሉም ወደ ታች ያዩናል። ፍላሽ በፍጹም የለም። ሰፊ ሌንስ፣ አይኤስኦ 3200 አካባቢ፣ ጀርባ ተደግፎ ትንፋሽ መያዝ። ትራይፖድ ካስፈለገ አስፈቅደን። ጫማ ይወልቃል፣ ስለዚህ ክሩ የሚያስቸግር ጫማ አታድርጉ።

9፡40 ላይ ተነስተን ከተማውን አቋርጠን ወደ ፋሲል መዋኛ። ቅዳሜ ስለሆነ መንገዱ ይጨናነቃል፣ ግማሽ ሰዓት ይዤለታለሁ። ገንዳው ከጥምቀት ውጭ ባዶ ነው። የሕንፃውን ነጸብራቅ በውኃ ላይ እያለማችሁ ከሆነ ተዉት፣ ለዚያ ጥር 11 መምጣት ነው፣ ያኔ ደግሞ እግር መትከያ የለም። የኛ ጉዳይ አጥሩን አንቀው የያዙት የዛፍ ሥሮች ናቸው። ለነሱ አርባ ደቂቃ ይበቃል። እሁድ ሙሽሮች ስለሚበዙ ነው ቅዳሜ ያደረግኩት።

11 ሰዓት ሲል ግን ማንም «አንድ ብቻ» እንዳይለኝ። ቁስቋም 11፡15 መድረስ አለብን። ከበስተጀርባ ከፍታ ስላለ ፀሐይዋ ከ12፡06 ቀድማ ልትሸሸግብን ትችላለች። ከዚያ ከተማው በምሥራቅ ነው፣ ብርሃኑ ከኋላችን አልፎ እሱ ላይ ያርፋል። የምንትዋብ ፍርስራሽ ቅስቶችም አሉ። የቦታው ሙሉ ስም ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው፤ የእቴጌይቱ የንግሥና ስም ደግሞ ብርሃን ሞገሳ። ለፎቶ አንሺ ከዚህ በላይ ምን ግብዣ አለ?

እሁድ። የጠዋቱ ብርሃን ለሥላሴ ደጅ ነው፣ ከውጭ ብቻ። ነጠላ የለበሰ ምእመን፣ በክብ ማማዎች የተጠናከረው የድንጋይ አጥር፣ ዛፎቹ። 12 ሰዓት ላይ እዚያ እንሁን፣ ባጃጁ 11፡35 ጎሃ ይመጣል። ቅዳሴ ላይ ናቸው፣ ካሜራ ይዘን ወደ ውስጥ አንገባም። የሚጸልይ ሰው ፊት ላይ ሌንስ አንደቅንም። 1 ሰዓት ላይ እንጨርስና ፒያሳ ቡና፣ ከዚያ ሻንጣ።

ደመና ከሆነስ? ለዛፍ ሥሮቹ ደመናን የሚያህል ብርሃን የለም። ቅዳሜ ንጋት ከተዘጋ እንቅልፋችንን እንጨርስና ከፋሲል ግቢ በቀጥታ ወደ መዋኛው እንሄዳለን፣ ገበያው ይቀራል።

ኮሶዬንና ጎርጎራን ትቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው ወደ 30፣ ሁለተኛው ወደ 60 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ብርሃናችንን መንገድ ላይ ይበሉብናል። የመንገዱም ነገር በሳምንቱ ተጠይቆ የሚወሰን ነው። ዮኒ፣ ድሮኑን ቤት ተወው። ያለ ፈቃድ ይዘህ አየር ማረፊያ ላይ ብትያዝ አንተን ስንጠብቅ ዓርብ ማታ ሊያመልጠን ነው።

ተጨማሪ ባትሪ። የመብራት ነገር ታውቁታላችሁ።