የመመረቂያ ጽሑፌን ለመጨረስ ፈቃድ ስለመጠየቅ

የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአማካሪዬ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በኖራ የታከመ አሲዳማ አፈር ላይ የምሠራውን የማስተርስ ጽሑፍ ለመጨረስ ከመጋቢት 1 እስከ ሚያዝያ 30 ለ60 ቀናት ከማስተማርና ከላቦራቶሪ ሥራ ፈቃድ እንዲሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የመስኩ ሥራና የአፈር ምርመራው አልቋል። የቀረኝ የውጤትና የትንተና ምዕራፍ ነው። አሁን ግን የ2 ምድብ ተግባር ትምህርት፣ ኬሚካል ማዘጋጀትና የ54 ተማሪ ሪፖርት ማረም በሳምንት 18 ሰዓት ይወስዱብኛል። በተቆራረጠ ሰዓት ሠንጠረዥ ማስተካከል ይቻላል፤ ትንተና መጻፍ ግን አይቻልም፤ በተመለስኩ ቁጥር ሐሳቡን ከመጀመሪያው መያዝ አለብኝ።

ምድቦቹን የክፍል ጓደኛዬ ሊሸፍንልኝ ተስማምቷል፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር የእሱን እሸፍናለሁ። የየካቲትን ሪፖርቶች አርሜ ነጥቡን ሳላስረክብ አልወጣም።

ከላቦራቶሪው ሥራ የሚያሳስበኝ የናይትሮጅን ምርመራው ነው። በዲስቲሌሽኑ መካከል የማቀዝቀዣው ውሃ ከተቋረጠ አሞኒያው ሳይያዝ ያመልጣል፤ ውጤቱም ከእውነተኛው ያነሰ ይወጣል። ስለዚህ ከመውጣቴ በፊት 2 ሙሉ ዙር ከጓደኛዬ ጋር አብሬ እሠራለሁ፤ የፒኤች መለኪያው በየጠዋቱ በ4 እና በ7 መፍትሔ እንዲስተካከልም ጽፌ እለጥፋለሁ።

የውጤቱን ምዕራፍ መጋቢት 25፣ ሙሉውን ረቂቅ ሚያዝያ 20 አደርስዎታለሁ፤ የቀሩት 10 ቀናት ለእርስዎ እርማት ናቸው። 60 ቀን ከበዛ፣ ማስተማሩን ብቻ ቢያነሱልኝ ላቦራቶሪውን ዓርብ ዓርብ መግባት እችላለሁ።

ከተስማሙ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የድጋፍ ደብዳቤ እስከ የካቲት 20 ቢጽፉልኝ ፕሮግራሙን ለማስተካከል ጊዜ ይኖራል።

ከአክብሮት ጋር
ተማሪዎ