ዝናቡ ቀረ፤ እህሉስ ወዴት ሄደ?

እንደምን አረፈዳችሁ! ከኋላ ያላችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ፊት ለፊት ብዙ ወንበር አለ። በር ላይ የቆማችሁም ግቡ፣ ግቡ።

አባባ፣ ስለ ምርቃቱ እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። ወሎ ውስጥ ትልቅ ነገር ያለ ዱአ አይጀመርም። የዛሬውም ጉዳያችን ትልቅ ነው።

እኔ የሦስተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። የውጫሌ ልጅ ነኝ። ዛሬ የማወያያችሁ ስለ ክፉ ቀን ነው። ስለ 1965 እና 66ቱ ረሃብ፣ ከዚያም ወዲህ ስለመጡት።

ይህን ርእስ የመረጥነው በአያቴ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አያቴ ጤፍ ስታበጥር ከሰፌዱ የወደቀች አንዲት ፍሬ አታልፋትም። ጣቷን በምራቋ አርሳ፣ መሬቱን ነካ አድርጋ ታነሳታለች። ልጅ ሳለሁ «ተይው በቃ፣ ዶሮዎቹ ይለቅሙታል» እላት ነበር። አንድ ቀን ቁጭ አደረገችኝና ነገረችኝ። በክፉው ቀን አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ከእናቷ ጋር አስፋልቱ ዳር ተቀምጠዋል። ጭነት የያዙ መኪኖች ያልፋሉ። አንደኛው ጆንያው ተቀዶ ማሽላ እያፈሰሰ ሄደ። ልጆቹ ሮጠው ከአስፋልቱ ላይ አንድ በአንድ ለቀሙ። እሷም ለቀመች። «ልጄ፣ እህሉ እኮ ነበረ። በፊታችን ነው የሚያልፈው» አለችኝ።

እኔ ያን ጊዜ አልገባኝም። ረሃብ ማለት እህል የጠፋበት ጊዜ ይመስለኝ ነበር። እህል በፊትህ እያለፈ እንዴት ትራባለህ?

እዚህ ግቢ ከገባሁ በኋላ ነው መልሱን ፍለጋ የጀመርኩት። የታወቀውን ታውቃላችሁ። የ1964 ክረምት ሳይዘንብ ቀረ። የ1965 በልግም ተከተለው። ራያና ቆቦ፣ የጁ፣ አምባሰል ተመቱ። ቆላ ወርደን አፋሮቹን ካየን ደግሞ ከብቱ አልቆ ነበር። የሞተው ሰው ቁጥር እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው፤ ግምቱ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል። በመሃሉ ያለው ልዩነት ራሱ ያማል። ያልተቆጠረ ሰው ነው እኮ።

ያልጠበቅኩት ግን ይሄን ነው። የሕንዱ የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን የእኛን ረሃብ በዝርዝር መርምሮ በ1981 እንደ ፈረንጆቹ አሳትሟል። ያገኘው ነገር አያቴ ካለችው ጋር ይገጥማል። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ የተባለውን ያህል አልናረም። ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህልም ነበረ። ምክንያቱ ምንድን ነው? ገበሬው አዝመራው ሲጠፋ የሚበላውን ብቻ አይደለም ያጣው፤ የሚሸጠውንም አጣ። በሬውን ነድቶ ገበያ ወጣ። ሁሉም በሬውን ነድቶ ወጥቷል። የበሬ ዋጋ ወደቀ። እጁ ላይ ምንም የለም። የሚገዛ ከሌለ ዋጋ ምን ያስወድደዋል? እህሉ ገንዘብ ወዳለበት ሄደ።

ይህን ሐሳብ የሚሞግቱም አሉ። ደሴ መንገድ ዳር ያለች ከተማ ናት፣ መኪና በማይደርስበት ገጠር ዋጋው ሌላ ነበር ይላሉ። ለእኔ ሁለቱም ቁም ነገር አላቸው። ክርክሩን ለተጋባዦቻችን እተዋለሁ።

ሌላው ዝምታው ነው። ሰው እያለቀ ነገሩ ተደብቆ ቆየ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ መጥተው ፎቶ አንስተው አዲስ አበባ ላይ ለተማሪ አሳዩ። በጥቅምት 1966 ደግሞ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ዓለም ያወቀው ያኔ ነው። እኛ ተማሪዎች ዛሬ እዚህ መቀመጣችን ለእኔ ትርጉም የሚሰጠኝ ለዚህ ነው። ያኔም መጀመሪያ ከተናገሩት መሃል የእኛ ዓይነት ሰዎች ነበሩ።

በ1977 እንደገና መጣ። የኮረምን ነገር ያልሰማ የለም። ከዚያ ሰፈራው ተከተለ፤ መተከል፣ ኢሉባቦር፣ ወለጋ፣ ጋምቤላ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እዚያ የቀረ ዘመድ ያለው እጁን ያውጣ ብል ግማሻችን የምናወጣ ይመስለኛል። በ2008 ደግሞ ከባድ ድርቅ ነበር። እንደ 66ቱና እንደ 77ቱ ግን ሰው አላለቀም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ እሷ እንመለሳለን።

ተጋባዦቻችንን ላስተዋውቅ። በቀኜ ያሉት አባባ ከአምባሰል ነው የመጡት፤ ያን ዘመን በወጣትነት ያዩ ናቸው። እትዬ ሠላሳ ዓመት ደሴ ላይ እህል ነግደዋል። መምህራችን ታሪክ ያስተምራሉ። ወንድማችን ደላንታ ላይ የግብርና ባለሙያ ነው፣ ሴፍቲኔት ላይ ይሠራል። እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ደቂቃ አላቸው። ከዚያ ማይኩ ወደ እናንተ ይመጣል፤ ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ። ስም እየጠራን የምንወቅስበት መድረክ እንዳይሆን እለምናችኋለሁ። ያጡ ሰዎች አብረውን ተቀምጠዋል።

እያዳመጣችሁ የምታስቡባቸው ጥያቄዎች አሉኝ። ደብተር ያላችሁ ጻፉ።

መጀመሪያ፣ ድርቅ ረሃብ የሚሆነው በየትኛው ቀን ነው? ዝናቡ ሲቀር ነው? በሬው ሲሸጥ ነው? ወይስ ሰው ቤቱን ዘግቶ መንገድ ሲወጣ? ይህን ቀን ቀድሞ የሚያውቀው ማነው፣ ሲያውቅስ ለማን ይናገራል?

ሁለተኛው ለእትዬ ይከብድ ይሆናል፣ ግን በቅን ልብ ነው የምጠይቀው። ነጋዴ በክፉ ቀን እህል ወደተሻለ ገበያ ቢወስድ ጥፋቱ የእሱ ነው? ወይስ ገዢው ባዶ እጁን እንዲቀር ያደረገው ሥርዓት? እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እውነቱን ንገሩኝ።

ሦስተኛው፣ በ2008 ከ66ቱና ከ77ቱ ምን ተለየ? መንገዱ ነው? ሴፍቲኔቱ ነው? ወሬው ቶሎ መሰማቱ ነው? ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ምን ይሆናል? ለእኔ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የተሻለው ነገር ምን እንደሆነ በትክክል ካላወቅን፣ ሲጠፋም አናውቅም።

አንድ ልጨምር፤ ቤታችሁ ስለ ክፉ ቀን ይወራል? የማይወራ ከሆነ ለምን? አያቴ ለአርባ ዓመት ያህል ለማንም አልተናገረችም። እናቴ እንኳን ከእኔ ነው የሰማችው።

ወደ ውይይቱ እንግባ። አባባ፣ ማይኩን ላቀብልዎት። የያዝኩት ጥያቄ ትንሽ ነው። በ65 በልጉ ሲቀር፣ ከቤታችሁ መጀመሪያ ተጭኖ ገበያ የወጣው ምን ነበር?