ቅዳሜ ጥር 2 ብቻ፦ ለጥምቀት እንግዳ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ምጣድ። ዋጋው በብር ተጽፏል።

ስድስት ዕቃ። አንድ ቀን። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት።
ጎንደር ፒያሳ ሱቃችን ኑ፣ ወይ እዚሁ እዘዙ። ዋጋው ሁለቱም ጋ አንድ ነው።

ዋጋዎቹን እይ

ገና ካለፈ ጀምሮ ስልካችሁ ላይም መንገድ ላይም የምታዩት "እስከ 70%"፣ "እስከ 80%" ነው፣ ግን የትኛው ዕቃ 70 እንደሆነ የትኛው 5 እንደሆነ ሱቁ ደርሳችሁ ነው የምታውቁት። እኛ ዋጋ ላይ "እስከ" የምትለዋን ቃል አንጠቀምም። ፐርሰንትም አልጻፍንም። ድሮ ስንት ነበር፣ ቅዳሜ ስንት ነው፣ ኪሳችሁ ውስጥ ስንት ብር ይቀራል፣ እሱን ነው የጻፍነው።

ፍራሽ፣ 4,100 ብር
ነበር 5,200። 1,100 ብር ይተርፋችኋል።
የስፖንጅ ነው፣ ስፋቱ 90 ሳንቲ፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ። ለአንድ ሰው። ቀን ጠቅልላችሁ ግድግዳ ስር ማቆም ይቻላል፣ ሳሎን ለሚተኛ እንግዳ አስበን ነው ይሄን የመረጥነው። ያለን 40 ፍሬ ነው።

ድርብ ብርድ ልብስ፣ 2,600 ብር
ነበር 3,400። 800 ብር ይተርፋችኋል።
2 ሜትር በ2 ሜትር ከ20። የጥርን ሌሊት የጎንደር ሰው ያውቀዋል፣ ከቆላ የመጣ እንግዳ ግን አያውቀውም፣ ከከተራ ማግስት ደግሞ ሌሊት ተነስቶ ወደ ቀሃ መውረድ አለ፣ ብርድ ሲመታው ያደረ ሰው እንዴት አድርጎ ይነሳል። ቀጭኑን በርካሽ ማምጣት እንችል ነበር፣ አላመጣንም። 85 ፍሬ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ 6,500 ብር
ነበር 7,800። 1,300 ብር ይተርፋችኋል።
58 ሳንቲ፣ ከነክዳኑ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ይቺን አንብቡ፦ ምጣዱ 3,500 ዋት ነው፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል ማለት ነው። ለቴሌቪዥንና ለቻርጀር የተዘረጋች ቀጭን ሽቦ አትችለውም፣ ትግላለች፣ ሶኬቱም ይቀልጣል። ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል፣ ቤታችሁ ይሄ ከሌለ መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን አሳዩት፣ ምጣዱን ሌላ ጊዜ ትገዛላችሁ። በኤክስቴንሽን በፍጹም አትሰኩት። 22 ፍሬ ነው ያለን።

ድስት፣ ሲኒ፣ ፔርሙስ
ባለ 20 ሊትር ድስት 3,300 (ነበር 3,900)፣ 18 ፍሬ። ሲኒ 12 ፍሬ ከነማስቀመጫው 700 (ነበር 950)፣ 60 ስብስብ። ባለ 2 ሊትር ፔርሙስ 1,150 (ነበር 1,450)፣ 50 ፍሬ።

ሁለት እንግዳ ለሚጠብቅ ቤት
ሁለት ፍራሽ እና ሁለት ብርድ ልብስ፦ 13,400 ብር። በድሮው ዋጋ 17,200 ይሆን ነበር፣ 3,800 ብር ይቀራል። እሱ ብር ለዶሮው ይሁንላችሁ።

ሁሉም ዋጋ ቫት ውስጡ ነው። ካሸር ጋ ስትደርሱ የሚጨመር ነገር የለም። ደረሰኝ ለሁሉም ይቆረጣል።

"ነበር" ስንል ምን ማለታችን ነው?
ከህዳር 1 እስከ ታህሳስ 28 እዚሁ ሱቅ የሸጥንበትን ዋጋ። ለቅናሹ ብለን ከፍ አድርገን የጻፍነው ቁጥር የለም። የስድስቱም ዕቃ የሁለቱ ወር ደረሰኝ ኮፒ በሩ አጠገብ ተለጥፏል፣ ቆማችሁ አንብቡት፣ ፎቶ ማንሳትም ይቻላል። አምና ከእኛ የገዛችሁ ደንበኞች ራሳችሁ "እውነት ነው ወይ" ብላችሁ ስለጠየቃችሁን ነው ይሄን ያደረግነው፣ ጥያቄው ልክ ነበር።

ቁጥሩ እየቀነሰ ሲሄድ ታዩታላችሁ
ከእያንዳንዱ ዕቃ ስር ያለው ቁጥር የቀረው ነው። ሱቅ የተሸጠውም በስልክ የታዘዘውም ከዚሁ ይቀነሳል። ለአንድ ሰው ከአንድ ዕቃ ከ4 በላይ አንሸጥም፣ ለንግድ የሚወስድ ሰው ሰኞ በጅምላ ዋጋ ያናግረን፣ ቅዳሜ ግን ለቤት ነው።

አሁን እዘዝ

ክፍያ በቴሌብር፣ በሲቢኢ ብር ወይ በካሽ። ፒያሳና አራዳ ማድረሻ ነጻ ነው፣ ማራኪና አዘዞ 150 ብር። ትንንሹን ዕቃ ባጃጅ ያመጣዋል፣ ፍራሽ ግን በባጃጅ ስለማይሆን በፒካፕ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ፍራሽ ያዘዘ ሰው እሁድ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ይጠብቀን። ቤት ሰው ከሌለ የጎረቤት ስልክ አስገቡ።

ያልተመቻችሁን ዕቃ እስከ ቅዳሜ ጥር 9 መመለስ ትችላላችሁ፣ ከከተራ በፊት ሌላ ገዝታችሁ እንድትደርሱ ነው ቀኑን እዚያ ላይ ያደረግነው። ደረሰኙን ያዙ። የተተኛበት ፍራሽና የተጋገረበት ምጣድ ግን አንመልስም፣ ምጣዱ የፋብሪካ ችግር ካለበት እንቀይራለን።

እንዴት ነው የምትመጡት?
ከጃንተከል ዋርካው ወደ ፒያሳ ስትሄዱ በስተቀኝ፣ ሰማያዊ በር ያለው። ቅዳሜ ገበያ ስላለ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ መንገዱ ይጨናነቃል፣ ከገጠር የመጣ ሰውም ብዙ ነው፣ ጠዋት መምጣት ለቻለ ጠዋት ይሻላል። አረጋውያንና ነፍሰ ጡር እናቶች ሰልፍ አይዙም፣ በር ላይ ላለው ልጅ ንገሩት፣ ወንበር አለ።

*አርብ ማታ የሚወጣ መልእክት*
ነገ 2 ሰዓት እንከፍታለን። ዋጋው ዛሬ ያያችሁት ነው፣ ሌሊት አይቀየርም። የሚያስፈልጋችሁን ዛሬ ለዩ፣ ቤቱን ለኩ፣ ሽቦውን አሳዩ።

*ዕቃ ሲያልቅ የሚወጣ*
ምጣድ አልቋል። 22ቱም ተሸጧል። በዚህ ዋጋ ሌላ አይመጣም፣ ስለዚህ ለሱ ብላችሁ ከአዘዞ ድረስ አትምጡ። ብርድ ልብስና ሲኒ አለ።

*ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ የሚወጣ*
ሁለት ሰዓት ቀርቷል። 1 ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ በፊት ሰልፍ ውስጥ የገባ ሰው ግን ሳይስተናገድ አይሄድም።

*ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የሚወጣ*
ሽያጩ አልቋል። ዋጋው ወደ ድሮው ተመልሷል። "በሕዝብ ጥያቄ ተራዝሟል" አንልም፣ ምክንያቱም ጠዋት በሰዓቱ ብላ ሥራዋን ትታ የመጣች እናት አለች። ያዘዛችሁት ዕቃ ነገ ጠዋት ከ3 ሰዓት ጀምሮ ይወጣል፣ ስልካችሁን ክፍት አድርጉ። ሰኞ 2 ሰዓት ላይ ሱቁ እንደወትሮው ይከፈታል።