ጉዳዩ፦ የ2014 እና የ2015 ውዝፍ ግብር በየወሩ ከፍዬ እንድጨርስ ስለመጠየቅ

ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ገቢዎች ቢሮ
የአራዳ ክፍለ ከተማ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት
ለዕዳ ክትትል ክፍል
አራዳ

አራት ኪሎ አካባቢ አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለኝ። የሰርግ ጥሪ ካርድ፣ የሱቅ ደረሰኝ፣ የምረቃ መጽሔትና የቀን መቁጠሪያ እናትማለን። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬና የንግድ ምዝገባዬ በተያያዙት ወረቀቶች ላይ አሉ።

ጽሕፈት ቤቱ የ2014 እና የ2015 ሂሳቤን ኦዲት አድርጎ የውሳኔ ማስታወቂያ ሰጥቶኛል። ፍሬ ግብሩ 124,600 ብር፣ ወለዱ 39,150 ብር፣ ቅጣቱ 22,250 ብር፣ በድምሩ 186,000 ብር ነው። አብዛኛው የመጣው ወጪ ካልተያዘልኝ የወረቀትና የቀለም ግዢ ነው። በውሳኔው ላይ ቅሬታ አላቀረብኩም፤ ቅጣት ይነሳልኝም አልልም። የምጠይቀው ጊዜ ብቻ ነው።

ገንዘቡን በአንድ ጊዜ የማልችልበት ምክንያት ይህ ነው። በ2016 በኮሪደር ልማቱ ሱቄ ከመንገድ ዳር ተነስቶ ፎቅ ላይ ገባሁ። ለማሽን ማጓጓዣ፣ ለመብራት ማስገቢያና ለቅድሚያ ኪራይ የነበረኝን ጥሪት አወጣሁ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የወረቀትና የቀለም ዋጋ ተሰቀለ። ወረቀትም ቀለምም ከውጭ ነው የሚመጣው። ደንበኛ ግን በአሮጌው ዋጋ ነው የሚከራከረው። አሁን ሥራው ቆሟል ማለቴ አይደለም፤ ይሠራል፣ ሦስት ሠራተኞችም ደመወዛቸውን ያገኛሉ። እጄ ላይ ተርፎ የሚቀመጥ ገንዘብ ግን የለም።

አከፋፈሉን በተመለከተ ትንሽ ላብራራ። የዕዳ ስምምነት አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ እኩል እኩል ተካፍሎ ይጻፋል። ለኔ ሥራ እንዲህ ቢጻፍ መጋቢት ላይ አቅቶኝ ውሉን ማፍረሴ አይቀርም። የካርድ ገቢ የሚመጣው በሰርግ ወቅት ነው። ለጥር ሰርግ የሚታተመው ታኅሣሥ ውስጥ ያልቃል፣ ቀሪው ሂሳብ ጥር ላይ ይሰበሰባል። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል። ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ፣ እስከ ሚያዝያ 4 ድረስ፣ ሰርግ የለም፤ ማሽኑም ደረሰኝና ማስታወቂያ ብቻ እያተመ ነው የሚውለው። ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲያ የሰርጉ ሥራ ይመለሳል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ የምረቃ መጽሔት ይጨመርበታል። በዓመቱ ደህና ብር የማየው ያኔ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ቢወሰንልኝ እላለሁ። ስምምነቱ በተፈረመበት ቀን የዕዳውን ሩብ፣ 46,500 ብር፣ በሲፒኦ ገቢ አደርጋለሁ። ቀሪውን 139,500 ብር ጥር ላይ 25,000፣ የካቲትና መጋቢት ላይ 6,000 6,000፣ ሚያዝያ ላይ 24,500፣ ግንቦት ላይ 28,000፣ ሰኔ ላይ 30,000፣ ሐምሌ ላይ 20,000 ብር እየከፈልኩ እጨርሳለሁ። እያንዳንዱን ክፍያ ወሩ በገባ እስከ 25ኛው ቀን እከፍላለሁ። በመካከሉ የሚታሰበውን ወለድ ከሐምሌው ክፍያ ጋር አጠቃልላለሁ። ሥራ ከቀናኝ ቀድሜ ብከፍል እንዳይከለከልብኝ፣ የምከፍለውም አስቀድሞ ለፍሬ ግብሩ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ። ዘንድሮ የሚመጣብኝን መደበኛ ግብር ከዚህ ጋር አላደባልቅም፤ በወቅቱ ለብቻው እከፍላለሁ።

ሁለት ነገር ደግሞ አለ። አንደኛው የባንክ ሂሳቤ ነው። ትምህርት ቤቶችና ድርጅቶች የሚከፍሉኝ በባንክ ብቻ ስለሆነ፣ ሂሳቡ ከታገደ የወረቀት መግዣም የእናንተ ክፍያም አብሮ ይቆማል። ውሉን እስካከበርኩ ድረስ እገዳ እንዳይደረግብኝ እለምናለሁ። ሁለተኛው ክሊራንስ ነው። ንግድ ፈቃዴን ያለ ቅጣት የማድሰው ታኅሣሥ 30 ሳያልፍ ነው። ፈቃዱ ካልታደሰ የድርጅቶችን ሥራ መውሰድ አልችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍያ እንደገባ ስምምነቱን መነሻ በማድረግ ክሊራንስ ይሰጠኝ። ይህ ጉዳይ ጊዜ ስለማይሰጥ ውሳኔው ታኅሣሥ ከመጋመሱ በፊት ቢደርሰኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ዋስትና ካስፈለገ ኦፍሴት ማሽኔን አስይዛለሁ፤ የተገዛበት ሰነድ ተያይዟል። አንድ ክፍያ ከቀነ ገደቡ ካለፈብኝ ጽሕፈት ቤቱ በሕጉ መሠረት ቀሪውን በሙሉ ሊጠይቀኝ ይችላል፤ ይህን ውሉ ላይ አስፍሬ እፈርማለሁ። ለተጨማሪ ማብራሪያ በምትጠሩኝ ቀን እቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ትዕግሥት መኮንን
የማተሚያ ቤቱ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
(ፊርማና ማኅተም)

አባሪ፦ የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ቅጂ፣ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ቅጂ፣ ያለፉት 12 ወራት የባንክ እንቅስቃሴ፣ የኪራይ ውል፣ የኦፍሴት ማሽኑ የግዢ ሰነድ፣ ለመጪው ጥር የተፈረሙ የሥራ ትዕዛዞች