ጉዳዩ፦ የወተት ውላችን የማይታደስ ስለመሆኑ

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሱሉልታው ወተት አቅራቢያችን

ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? ቤተሰቡስ፣ ከብቶቹስ ደህና ናቸው?

ነገሩን ሳላንዛዛ ልንገርዎት። ሰኔ 30 የሚያልቀውን ዓመታዊ ውላችንን ዘንድሮ አናድሰውም። ባለፈው ስደውልልዎት ልነግርዎት ነበር፤ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ከሰው ከሚሰሙት ብዬ ነው አሁን የጻፍኩት።

ምክንያቱ ወተቱ አይደለም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ መለኪያ ከትተንበት አንድም ቀን ውሃ አላገኘንበትም። ዋጋውም አይደለም። ቦታው ነው። ፒያሳ እያለን በቀን 60 ሊትር እንወስድ ነበር። በ2016 ቤቱ ፈርሶ አራት ኪሎ ስንገባ ቦታው ጠበበን፤ ኬክ መጋገሩንም ተውን። አሁን ለማኪያቶና ለሻይ በወተት 20 ሊትር ይበቃናል። እሱም መብራት በጠፋ ቁጥር ይበላሽብናል። ስለዚህ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ያለ ፍሪጅ የሚቀመጥ የታሸገ ወተት ልንጠቀም ወስነናል። ለ20 ሊትር ብሎ በየማለዳው መኪና ማስነሳትም ለእርስዎ ኪሳራ ነው።

የሁዳዴው ነገር ግን ሁሌም ይከነክነኛል። ውሉ 60 ሊትር እያለ፣ በጾም አሥር ሊትር እንኳ የማንጨርስበት ጊዜ ነበር። ላም ደግሞ ጾም አታውቅም፤ በየቀኑ መታለቧ አይቀርም። የተረፈውን ቅቤ እያወጡ ቻሉን። አንድም ቀን «ውሉ እንዲህ ይላል» ብለውን አያውቁም።

ቤታችን ሲፈርስ የሆነውንም አልረሳሁም። ልጅዎ ወተቱን አውርዶ ይመለሳል ስንል፣ በፒካፑ እስከ ማታ ዕቃችንን ሲያመላልስ ዋለ። የኬክ መደርደሪያውን መስታወት በገዛ ጋቢው ጠቅልሎ ነው ያደረሰልን። ጭረት እንኳ አልነካውም። እናቴ ዛሬም ባየችው ቁጥር ትመርቀዋለች።

እስከ ሰኔ 30 እንደ ወትሮው በየቀኑ 20 ሊትር እንወስዳለን። የሰኔን ሂሳብ ወር ጠብቀን ሳይሆን እዚያው ቀን እናስገባለን። እኛ ጋ ያሉት ስድስቱ ቢዶኖችም ታጥበው ይመለሳሉ። የአንዱ ክዳን ስለጠፋ አዲስ ገዝተንለታል።

ከእኛ ከፍ ብሎ ኬክ ቤት የከፈተች ሴት ጥሩ ወተት እየፈለገች ነው። ስለ እርስዎ የማውቀውን ሁሉ ነግሬያታለሁ። በቀን ስንት ሊትር እንደምትፈልግ ገና አልወሰነችም፤ ግን ኬክ ትጋግራለች። ፈቃድዎ ከሆነ ስልክዎን ልስጣት። ለሌላ ደንበኛ የሚያሳዩት የምስክርነት ደብዳቤ ካስፈለገዎትም ማህተም አድርጌበት አመጣለሁ።

ይህን በወረቀት ብቻ ልተወው አልፈልግም። ቅዳሜ ከሰዓት እኔና እናቴ ሱሉልታ እንመጣለን። የማይመችዎት ከሆነ ብቻ ይደውሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከአራት ኪሎው ቡና ቤት