ደም ላነሳት ልጃችን የሳምንት ምግብ

እህቴ፣ የምርመራውን ወረቀት አየሁት። ሄሞግሎቢኗ 10.2 ነው። በ15 ዓመቷ ቢያንስ 12 መሆን ነበረበት፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ ይጠበቃል። ከምግብ በቀን 15 ሚሊግራም ብረት ያስፈልጋታል፤ የታዘዘላትን ክኒን ግን ምግብ አይተካውም። ይህን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊው።

ከወጡ በፊት ስለ ሻዩ ልናገር። ቤታችሁ ምሳ እንደተበላ ሻይ ይቀርባል። ያ ሻይ የምስሩንና የጎመኑን ብረት አስሮ ያስቀረዋል። ለእሷ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ይቆይ፤ ቡናም እንዲሁ። ወተት ከክኒኑ ጋር አይገናኝ።

ሰኞ፦ ቁርስ ቂንጬና ብርቱካን። ለምሳ ዕቃዋ ጥቂት የተፈጨ ሥጋ የገባበት ምስር ወጥ፤ ሥጋው ትንሽ ቢሆንም የምስሩ ብረት ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። እራት ሽሮና ቲማቲም በሎሚ።

ማክሰኞ፦ የጉበት ቀን። 100 ግራም ጉበት 6 ሚሊግራም ገደማ ብረት አለው። በሽንኩርትና በቃሪያ ደህና አድርገሽ ጥበሺው፤ ጥሬ ዱለት አይታሰብም። ሽታውን ከጠላች አድቅቀሽ ምንቸት አብሽ ውስጥ ደብቂው። እናታችን እኔን ያታለለችኝ በዚሁ ነበር። ጉበት ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት በሳምንት አንዴ ይበቃል።

ረቡዕ፦ ጾም። ቁርስ መተዉ አሁን አይመቻትም፤ የንስሐ አባቷን አማክሪ። ምሳ የሽምብራ ወጥ፤ ሽምብራው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ውኃው ይደፋ። ሎሚውን ከእሳት ካወረድሽ በኋላ ጭመቂ፣ ሙቀት ጥቅሙን ያጠፋዋል። እራት ጎመንና ምስር።

ሐሙስ፦ ምሳ ጎመን በሥጋ። ቁርስ እንቁላል ከፈለገች ትብላ፣ ነገር ግን ለብረት ብለሽ አትታመኚበት።

ዓርብ፦ ምስር፣ ቆስጣና ጥሬ ቃሪያ። ከሰዓት በኋላ የሽምብራ ቆሎና ፓፓያ። እንጀራው ሁልጊዜ በደንብ የቦካ ይሁን፤ መቡካቱ በጤፉ ውስጥ ብረቱን የሚይዘውን ነገር ይቀንሳል።

ቅዳሜ፦ የበሬ ጥብስ በቃሪያ፣ ከጎኑ ሰላጣ። እራት የተረፈው ጥብስ ፍርፍር።

እሑድ፦ ዶሮ ወጥ ከሠራሽ ፈረሰኛውን ለአባትየው፣ ጭኑን ለእሷ አውጪላት፤ የጭን ሥጋ ከደረቱ የበለጠ ብረት አለው። አባትየውም አይቀየምም፣ እኔ እነግረዋለሁ።

ከአራት ሳምንት በኋላ ደሟ ይለካ። የወር አበባዋ ብዙ የሚፈስ ከሆነ ወይም ከሳምንት የሚያልፍ ከሆነ ለሐኪሙ አብረሽ ሄደሽ ንገሪው፤ እሷ አፍራ ትደብቃለች።