√2 ለምን ክፍልፋይ እንደማይሆን፦ ደብረ ብርሃን ላሉ የዘጠነኛ ክፍል ልጆቼ

ሰላም ልጆች። ዛሬ ስኩዌሩ ልክ 2 የሚሆን ክፍልፋይ እየሞከርን ሳናገኝ ደወሉ አቋረጠን እንጂ ከኋላ ወንበር የመጣው ጥያቄ በጣም ደስ ብሎኛል፣ እስከ ሰኞ ላቆየው አልቻልኩም። "ቲቸር፣ ትልልቅ ቁጥር ስላልሞከርን ቢሆንስ?" ነበር ያለው።

ጥሩ ጥርጣሬ ነው። 7/5ን ስኩዌር ስናደርግ 49/25 ይመጣል፤ 50/25 ቢሆን ኖሮ ልክ 2 ነበር። 17/12 ደግሞ 289/144 ይሰጣል፣ የፈለግነው 288 ነው። 99/70ስ? 9801/4900፣ አሁንም ላዩ በአንድ በለጠ። እዚሁ ከተማችን ጎኑ አንድ ሜትር የሆነ ካሬ መሬት ላይ የሚያሰምር ግንበኛ ሰያፉን 99/70 ሜትር ቢያደርገው ስህተቱ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ለግንበኛው ይበቃዋል። ለእኛ ግን አይበቃም፣ ምክንያቱም ክፍልፋይ ማለቂያ ስለሌለው አንድ በአንድ እየሞከርን ልንጨርሰው አንችልም፤ ሁሉንም በአንዴ የሚዘጋ ነገር ያስፈልገናል።

የሚዘጋው ተጋማሽና ጎዶሎ ነው። በቃ፣ ሌላ ምንም አንፈልግም።

እንበልና √2 = p/q ነው፣ ሁለቱም ሙሉ ቁጥሮች፣ ክፍልፋዩም እስከ መጨረሻው የተቃለለ። ሁለቱንም ጎን ስኩዌር አድርጉና በq² አባዙ፦

p² = 2q²

አንድ ነገር አስታውሱ፦ ጎዶሎ በጎዶሎ ሲባዛ ሁሌም ጎዶሎ ነው። (2n+1)² = 4n²+4n+1፣ መጨረሻ ላይ ያቺ 1 ትቀራለች።

አሁን p ጎዶሎ ሊሆን ይችላል? አይችልም። p² ጎዶሎ ይሆናል፣ 2q² ግን q ምንም ይሁን ምን ተጋማሽ ነው። ስለዚህ ላዩ ጎዶሎ የሆነ ክፍልፋይ በሙሉ ወደቀ፤ 7/5ም፣ 17/12ም፣ 99/70ም፣ መቶ አሃዝ ያለውም ቢሆን። ገና ምንም ሳንደክም ይህን ያህል መጣላችን አይገርማችሁም?

ላዩም ታቹም ተጋማሽ ቢሆኑስ? ያ ደግሞ ገና በ2 ይቃለላል፣ እኛ የተቃለለውን ነው የያዝነው።

የቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነው፦ ላዩ ተጋማሽ፣ ታቹ ጎዶሎ። እዚህ ጋ ቀስ በሉ። p ተጋማሽ ከሆነ p = 2k ብለን እንጻፈው። 4k² = 2q² ይሆናል፣ ለ2 ስናካፍል

q² = 2k²

ታዲያ q² ተጋማሽ ሆነ ማለት ነው። q ግን ጎዶሎ ነው ብለናል፣ የጎዶሎ ስኩዌር ደግሞ ጎዶሎ ነው። አንድ ቁጥር ሁለቱንም መሆን አይችልም። ይሄም ወደቀ፣ ሌላ የቀረ የለም። √2 ኢራሽናል ነው። አሪስቶትል ራሱ ይህን ማረጋገጫ ሲጠቅስ ጎዶሎው ከተጋማሹ እኩል ሆኖ ይገኛል ብሎ ነው የገለጸው።

ለሰኞ ይህንኑ በ√4 ላይ ሞክሩት። p² = 4q² ይመጣል፣ p = 2k ስትሉ k² = q² ብቻ ይቀራችኋል። q ተጋማሽ እንዲሆን የሚያስገድደው 2 የት ሄደ? እሱን ጽፋችሁ አምጡልኝ።